«ጭስ የለም» ያሉኝ እናት፦ የእጣን፣ የከርቤና የአንድ አስም ታሪክ

«ቤትዎ ውስጥ ጭስ አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የለም፣ ልጄ» አሉኝ። «እንጀራውም ወጡም በኤሌክትሪክ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም ቤቴ የለም።»

እውነታቸውን ነበር። እኔም ካርዳቸው ላይ «ለጭስ መጋለጥ፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ያቺ አንዲት መስመር አምስት ሳምንት አሳስታናለች።

የመተንፈሻ አካል ሕሙማን በሚታዩበት ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። የምነግራችሁ የአንዲት የ54 ዓመት እናት ታሪክ ነው። እዚህ «እትዬ» ብቻ እላቸዋለሁ። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

እትዬ አስም እንዳለባቸው ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሁለት የሚነፉ መድኃኒቶች አሏቸው። አንዱ ሲያፍናቸው የሚወስዱት ሳልቡታሞል ነው። ሌላው በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚወሰደው ቤክሎሜታዞን ነው። ለዓመታት ደህና ነበሩ። ሰኔ ላይ ወደ እኛ ሲመጡ ግን ሳልቡታሞሉን በቀን አራት ጊዜ እየተጠቀሙ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳል ይቀሰቅሳቸዋል። ደረጃ ሲወጡ ሁለት ቦታ ቆመው ያርፋሉ። ከእኛ በፊት የታዩበት ቦታ መድኃኒቱን ከፍ አድርጎላቸው ነበር። ብዙም አልረዳቸውም።

ሐምሌ 10 ቀን ለቀጠሮ መጡ። ኢንሄለሩን እንዴት እንደሚይዙት ላሳያቸው ጎንበስ ስል ነጠላቸው ሸተተኝ። እጣን ነው። ደግሞ በእጣኑ ውስጥ ሌላ መረር ያለ ሽታ አለበት።

«እትዬ፣ እጣን ያጨሳሉ እንዴ?»

«እንዴታ! እጣን የማይጨስበት ቤት ምኑን ቤት ሆነ?»

«ጭስ የለም ብለውኝ ነበር እኮ።»

በጣም ገርሟቸው አዩኝ። «እጣን ጭስ ነው እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ብዙ ቀን አስቤበታለሁ። ቋንቋችን ራሱ ይለያቸዋል። ጭስ ማለት የማገዶ፣ የሲጋራ፣ የመኪና ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ግድግዳ ያጠቁራል። እጣን ደግሞ መዓዛ ነው። ቤት ያሞቃል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ጸሎት ያሳርጋል። ሰብአ ሰገል ከወርቅ ጋር ያመጡት እጣንና ከርቤ ነው። ታዲያ አንድ ሰው ይህንን «ጭስ» ብሎ ለነርስ እንዲናገር መጠበቄ ስህተቱ የኔ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዬን ቀይሬዋለሁ። «ጭስ አለ?» አልልም። «ቡና በቀን ስንት ጊዜ ይፈላል? በከሰል ነው? እጣን ይጨሳል? መስኮቱስ?» እላለሁ።

መረር ያለው ሽታ ከርቤ ነበር። ታሪኩም ይሄ ነው። ግንቦት ላይ ጉንፋን ይዟቸው ሳሉ አልለቅ አለ። አንዲት ጎረቤት «ከርቤ ታጠኚበት፣ ደረት ይከፍታል» አለቻቸው። እሳቸውም በየቡናው ከእጣኑ ጋር ከርቤ መጨመር ጀመሩ። ሳሉ ሲብስ ከርቤውን ጨመሩ። ከርቤው ሲጨምር ሳሉ ባሰ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ብርዱን ፈርተው መስኮቱን ዘጉ። በሽታውና መድኃኒት የተባለው ነገር እንዲህ ሲገፋፉ ነው የከረሙት።

ጎረቤቲቱን አልወቅስም። ከርቤ በአፍ ቁስልና በድድ ሕመም በብዙ አገር ለዘመናት ሲያገለግል የኖረ ነገር ነው። ሽታውን ሲስቡት ደረት የተከፈተ ይመስላል። ግን የመከፈት ስሜትና የአየር ቧንቧ መከፈት ይለያያሉ። ይህን በስሜት ሳይሆን በመሣሪያ ነው የሚለዩት።

ቤታቸው ሄጄ አየሁት። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሳሎኑ አራት ሜትር በአራት ሜትር ይሆናል። አንድ መስኮትና ወደ ትንሽ በረንዳ የሚያወጣ በር አለው። ሁለቱም ዝግ ነበሩ። ቡናው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይፈላል። ከአቦል እስከ በረካ ከሰሉ ሳሎኑ መሃል ነው። ማጨሻው ከረከቦቱ አጠገብ ነው። እትዬ ደግሞ እዚያው ዝቅ ብለው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ፊታቸውና የጭሱ መነሻ መሃል አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት አለ።

አንዲት የእጣን ፍሬ ፍም ላይ ስትወድቅ ምን እንደሚሆን በዚያን ቀን ደጋግሜ ተመለከትኩ። መጀመሪያ ትላብና ትቀልጣለች። በዚህ ጊዜ የሚወጣው በአብዛኛው ቀላሉ ዘይት ነው። መዓዛውን የምንወድለት እሱ ነው። በመተማና በትግራይ ቆላ ከሚበቅለው ዛፍ የሚገኘው እጣናችን ለየት ያለ ሽታ ያለው ዘይቱ ውስጥ ኦክታይል አሲቴት የሚባል ነገር በብዛት ስላለበት ነው። ዘይቱ ለመትነን ብዙ ሙቀት አይፈልግም። ፍሙ ግን ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ቀሪው ሙጫ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ይጠቁራል፣ ያርራል። አሁን የሚወጣው መዓዛ አይደለም። የተቃጠለ ነገር ጭስ ነው። ጉሮሮ የሚይዘውና ዓይን የሚያስለቅሰው በብዛት ይሄኛው ነው። እኛ ደግሞ ማጨሻውን እስኪከስም ድረስ እንተወዋለን።

ከርቤ በዚህ ይብሳል። በውሃ የሚሟሟ፣ ስኳር መሰል ሙጫ ከእጣን ይልቅ በብዛት አለበት። እሱ አይተንም፣ ያርራል እንጂ። ከርቤ ፍም ላይ ሲቆይ ያረረ ስኳር የመሰለ ከባድ ሽታ የሚያመጣው ለዚህ ነው። ቅርፊትና አቧራ የተቀላቀለበት ርካሽ እጣንም እንደዚሁ ነው። መዓዛው ጥቂት፣ ጭሱ ብዙ ነው።

ነጩ ጭስ ንጹሕ ይመስላል። ብዙ ሰው «ጥቁር ካልሆነ አይጎዳም» ይላል። ነጭ የሆነው ግን በጣም ደቃቅ በሆኑ የዘይትና የሙጫ ጠብታዎች ስለተሞላ ነው። አብዛኞቹ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው። የአፍንጫ ፀጉር አይዛቸውም። እስከ ትንንሾቹ የሳንባ ቧንቧዎች ይወርዳሉ።

ከአንድ ወዳጄ የአየር መለኪያ ተውሼ ነበር። በኪስ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፣ ደቃቅ ቅንጣቶችን በብርሃን ይቆጥራል። ቡናው ሳይጀመር ሳሎኑ ውስጥ 38 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ አሳየ። ቡናው ሲቆላ 210 ደረሰ። እጣኑና ከርቤው ፍም ላይ ከወደቁ ከአምስት ደቂቃ በኋላ 999 ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም። ማጨሻው ከከሰመ ከአንድ ሰዓት በኋላም 300 ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ለ24 ሰዓት አማካይ የሚፈቅደው 15 ነው። ልብ በሉ፣ የእኔ ቁጥሮች የደቂቃ ልኬት ናቸው፣ የሱ የሙሉ ቀን አማካይ። እንዲህ ያለ ርካሽ መሣሪያ ደግሞ የዘይት ጠብታን አጋንኖ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ፍርድ አልያዝኩትም። ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፦ ሽታው ከጠፋ በኋላ ጭሱ ገና ቤት ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት ታትሟል። ደቃቅ ቅንጣቶችንና ካርቦን ሞኖክሳይድን ለክቶ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያለፈ መጠን አግኝቷል። ኦማን ውስጥ ደግሞ፣ እጣን እንደኛው የቤት ነገር በሆነበት አገር፣ በተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። እጣን የሚጨስባቸው ቤቶች ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ አስም አልተገኘባቸውም። አስም ያለባቸውን ልጆች ግን ጭሱ ያስነሳባቸው ነበር። ይህ ልዩነት ለእትዬ ጉዳይ ቁልፍ ነው። እጣኑ አስሙን አልፈጠረባቸውም። የነበረውን እየቀሰቀሰው ነበር።

ግን ይህን በግምት መናገር አልፈለግኩም። እጣን ተው ብሎ እናትን ማዘዝ ቀላል አይደለም። ካላመኑበት ደግሞ አይተውትም፣ ተዉ ብዬ የማዘዝ መብትም የለኝም። ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን ፒክ ፍሎው ሜትር ሰጠናቸው። በሙሉ ኃይል አንዴ ሲነፉበት አየር በምን ፍጥነት እንደሚወጣ በሊትር በደቂቃ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ጠዋት ሲነሱና ማታ ሲተኙ፣ መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ነፍተው ከፍተኛውን ይጽፋሉ። ደህና በነበሩበት ዘመን ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር 360 ነው። መድረስ የምንፈልገው እዚያ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እየቀየርን ሁለት ሁለት ሳምንት እንድንጠብቅ ተስማማን። ሁሉንም በአንድ ቀን ብንቀይር የትኛው እንደረዳ አናውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ምንም አልቀየርንም። እስከ ሐምሌ 24 ድረስ የጠዋቱ አማካይ 230፣ የማታው 290 ነበር። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ከአማካዩ 23 በመቶ ይሆናል። በአዋቂ ሰው ከ10 በመቶ ሲያልፍ የአየር ቧንቧው እየተለዋወጠ ነው ማለት ነው። አንድ ቀን ደግሞ ከቡና በፊትና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲነፉ አደረግኩ። 290 የነበረው 240 ሆነ። «ደረቴ ግን የተከፈተ መሰለኝ እኮ» አሉ ቁጥሩን እያዩ። ሁለት ጊዜ ሳልቡታሞል ወስደው ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ 300 ተመለሱ። እትዬን ያሳመናቸው የኔ ንግግር አልነበረም። ያቺ ቱቦ ናት።

ቀጥለን የኢንሄለሩን አነፋፈስ አስተካከልን። አዎ፣ እሱም ችግር ነበረበት። መድኃኒቱን ሲጫኑና ሲስቡ ጊዜው አይገጥምላቸውም፣ ግማሹ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ስር ኢንሄለሩ የሚገባበት ልክ ቀዳዳ አበጅተን ማገናኛ ሠራንላቸው። በሱ ቀስ ብለው ይስባሉ፣ እስከ አሥር ይቆጥራሉ፣ ከቤክሎሜታዞን በኋላ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ። በነሐሴ 8 የጠዋቱ 250 ደረሰ። ጥሩ ነው፣ ግን ገና ነው።

ከነሐሴ 8 እስከ 22 እጣኑና ከርቤው ቆሙ። ቡናውና ከሰሉ እንደነበሩ ቀጠሉ። የጠዋቱ ወደ 285 ወጣ። የሌሊቱ ሳል የተወው በዚህ ጊዜ ነው። እትዬ ያስታወሱትም ቁጥሩን ሳይሆን እንቅልፉን ነው።

መሃሉ ላይ ግን ያስጨነቀኝ ነገር ነበር። ነሐሴ ከገባ ፍልሰታ ነው። እትዬ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በየቀኑ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ቤታቸው ያለውን እጣን ብናቆምም ቤተክርስቲያን ጽናው አለ። ሙከራው ተበላሸ ብዬ ነበር። ቁጥሩ ግን አልወረደም። ሄጄ ሳይ ምክንያቱ ገባኝ። እትዬ የሚያስቀድሱት ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆመው ነው። ካህኑ ጽናውን ይዘው ሲያልፉ መዓዛው ይደርሳቸዋል፣ ጭሱ ግን ሰማይ አለለት። ያው እጣን፣ ያው ፍም፣ ግን አንዱ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት፣ አንዱ በቅጽሩ ሰፊ አየር ላይ። ጭሱን ጎጂ የሚያደርገው የእጣኑ ቅድስና ማነስ ወይም መብዛት አይደለም። ክፍሉ፣ ርቀቱና የቆይታው ጊዜ ነው። ይህን ስነግራቸው በጣም ቀለላቸው። «እጣን ጠላሽብኝ ብዬ ነበር» አሉኝ።

ቀጥሎ ከሰሉን ወደ በረንዳ አወጣነው። ስለ ከሰል ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ቤት ከሰሉ ውጭ ተያይዞ፣ ጭሱ ሄዶ፣ አመድ ከለበሰ በኋላ ወደ ውስጥ ይገባል። ለዓይንና ለሳል ይሄ በእርግጥ ይሻላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይጠፋም። ቀልቶ የተቀመጠ ፍም ዝም ብሎ ያወጣዋል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። እጣኑ ደግሞ ክፍሉን በመዓዛ ሞልቶ «አየሩ ጥሩ ነው» ያሰኛል። እትዬ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ነበረባቸው። «ቡናው ስለዘገየብኝ ነው» ይሉ ነበር። ከሰሉ ከወጣ በኋላ ቡናው ቢዘገይም ራስ ምታቱ አልመጣም። ቡና ሲፈላ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው ወይም ከከበዳቸው፣ ከሰሉ መውጣት፣ ሰውም መውጣት አለበት፣ ወዲያው።

ጳጉሜን ሲያልቅ የጠዋቱ 305፣ የማታው 325 ነበር። ልዩነቱ ከ7 በመቶ አልበለጠም። ሳልቡታሞሉ በሳምንት አንዴ ቢያስፈልግ ነው። ቤክሎሜታዞኑን ግን አላቋረጡም። ሐኪሙ ማቋረጥ እንደሌለባቸው አበክሮ ነግሯቸዋል። ጭሱን መቀነስ የመድኃኒት ምትክ አይደለም።

መስከረም 1 ያላሰብነው ነገር ተከሰተ። ዘመድ በሙሉ መጣ፣ ዝናቡ ወረደ፣ ከሰሉ ወደ ሳሎን ገባ። አንዲት እህታቸው ጥሩ ከርቤ ይዛ መጥታ ነበር። በዓል ነው፣ ማን ይከለክላል? ጠዋት 310 የነፉት እትዬ ማታ 245 ነፉ። ሌሊቱንም ሲስሉ አደሩ። በነጋታው ደውለው «አሁን አመንኩ» አሉኝ። እኔም በደንብ ያመንኩት ያኔ ነው። አንድ ነገር ሲወጣ መሻሉ ብቻ አይበቃም፣ በዚያው ጊዜ ክረምቱ ሊወጣ፣ ጉንፋኑ ሊለቅ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ መክፋቱ ነው ጥርጣሬውን የሚቀንሰው። ሆን ብዬ ግን እንዲህ አላደርግባቸውም ነበር። የአስም ሰው ላይ ጭስ መሞከር አደገኛ ነው።

አሁን ቤታቸው ውስጥ እጣን አለ። ከርቤው ቀርቷል፣ ራሳቸው ናቸው ያስቀሩት። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል። ዝናብ ከሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፣ እጣኑ ይቀራል። እጣኑ እሑድ ብቻ፣ ሽምብራ የምታህል አንዲት ፍሬ፣ በረንዳ ላይ ነው። ፍሙ ላይ በቀጥታ አይጥሏትም። በማጨሻው አፍ ላይ ስስ ቆርቆሮ ያደርጉና በላዩ ያስቀምጧታል። ሙቀቱ ስለሚቀንስ ቀስ ብላ ትቀልጣለች። መዓዛው ይረዝማል፣ ጭሱ ይሳሳል። መጥቆር ስትጀምር በወረንጦ አንስተው አመድ ውስጥ ይከቷታል። እትዬ ራሳቸው ነፋሱ ከኋላቸው በሚመጣበት በኩል ይቀመጣሉ። በረንዳ ለሌለው ቤት ይህ ሁሉ አይሠራም። እዚያ መስኮትና በር ፊት ለፊት ከፍቶ፣ ፍሬዋን አሳንሶ፣ የሚያስለው ሰውና ሕፃን ሌላ ክፍል እንዲሆኑ ከማድረግ ሌላ የምመክረው የለኝም። በአንድ መስኮት ብቻ የሚተነፍስ ክፍል ከሆነ ደግሞ ባይጨስ ይሻላል።

የዚህ ሁሉ ልኬት የአንዲት እናት ነው። ጤነኛ ሳንባ ያለው ሰው በሳምንት አንድ ቀን በተከፈተ መስኮት እጣን ቢያጨስ እንዲህ ይሆናል እያልኩ አይደለም። አስም፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ወይም ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ኅዳር 12 ቀን ሲቃረብ እትዬ ራሳቸው ደወሉልኝ። «ነገ ኅዳር ሲታጠን ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፣ ምን ላድርግ?» በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። እሱን እኔም እሳቸውም አናስቀረውም። መስኮቱን ገና ጭሱ ሳይነሳ እንዲዘጉ፣ ቤክሎሜታዞናቸውን እንዳይረሱ፣ ሳልቡታሞሉን ከኪሳቸው እንዳይለዩ፣ ማታ ላይ አየሩ ሲጠራ እንዲከፍቱ ተነጋገርን። በዚያ ቀን ጠዋት 315፣ ማታ 295 ጻፉ። ከሥሩ በእጃቸው አንድ ቃል ጨምረውበታል፦ «ጭስ አለ።»